አንድ ፖሊኖሚያል፣ ሁለት ማትሪክሶች

ሦስት ረድፍና ሦስት ዓምድ ያለውን ይህን ማትሪክስ እንያዝ።

```
     4   1  −1
A =  2   5  −2
     1   1   2
```

በቬክተሩ (1, 0, 0) ላይ ብናሳርፈው የሚወጣው የማትሪክሱ የመጀመሪያ ዓምድ ነው፤ (4, 2, 1)። ሲገባ በ x ዘንግ ላይ ተኝቶ የነበረው ቬክተር ሲወጣ ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞሯል። ሌሎች ቬክተሮችን ብንሞክርም አብዛኞቹ እንዲሁ ይዞራሉ። አሁን ግን (1, 2, 1)ን እንሞክር። የመጀመሪያው ረድፍ 4 + 2 − 1 = 5 ይሰጣል። ሁለተኛው 2 + 10 − 2 = 10፣ ሦስተኛው 1 + 2 + 2 = 5። ውጤቱ (5, 10, 5) ነው፤ ማለትም የገባው ቬክተር ራሱ አምስት እጥፍ ሆኖ ወጣ። አልዞረም፣ ረዘመ ብቻ።

እንዲህ አቅጣጫውን የማይለቅ ቬክተር አይገንቬክተር ይባላል። የተባዛበት ቁጥር፣ እዚህ 5፣ አይገንቫልዩው ነው። (1, 2, 1)ን ያገኘነው ግን እኔ ስለ ነገርኳችሁ ነው። በዚህ ምዕራፍ የምንፈልገው ማንም ሳይነግረን የምናገኝበትን መንገድ ነው። ከዚያም ያ መንገድ የትኛው ቦታ ላይ ሲደርስ ዝም እንደሚል እናያለን፤ በእኔ ግምት የርእሱ ዋና ቁም ነገር ያለው እዚያ ነው።

የምንፈልገውን በቀመር ስናስቀምጠው Av = λv ነው። v ዜሮ ያልሆነ ቬክተር ነው፣ λ ደግሞ ገና የማናውቀው ቁጥር። ችግሩ ሁለቱንም አለማወቃችን ነው። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ከማሳደድ ይልቅ መጀመሪያ v ን ከጨዋታው ማስወጣት ይቻላል። ሁሉንም ወደ አንድ ወገን ስናመጣ (A − λI)v = 0 ይሆናል። ይህ ሦስት እኩልታዎች ያሉት ስብስብ ነው፤ በእያንዳንዱ በስተቀኝ ያለው ዜሮ ነው። እንዲህ ያለ ስብስብ x = y = z = 0 የሚለውን መፍትሔ ምንጊዜም ይቀበላል፤ እሱ ግን ለእኛ አይጠቅመንም። ሌላ መፍትሔ እንዲኖረው ከተፈለገ ከሦስቱ እኩልታዎች ቢያንስ አንዱ የሌሎቹ ድጋሚ መሆን አለበት፣ አዲስ ነገር መናገር የለበትም። ይህ የሚሆነው ደግሞ የ A − λI ዴተርሚናንት ዜሮ ሲሆን፣ ያን ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ v ሳይነሳ λ ብቻዋን የምትገኝበት እኩልታ አገኘን።

ያን ዴተርሚናንት ዘርዝሮ ማውጣት ይቻላል፤ ብዙ ተማሪም እንደዚያ ያደርጋል። ነገር ግን ቅንፎቹ ሲፈቱ የሚቀያየሩት የመቀነስ ምልክቶች ብዙ ስለሆኑ ስሕተት የሚሾልከው በዚያ በኩል ነው። ከዚያ የሚሻል ንጹሕ መንገድ አለ። det(λI − A)ን እንውሰድ፤ ይህ ከ det(A − λI) የሚለየው በምልክት ብቻ ስለሆነ ዜሮ የሚሆኑበት λ አንድ ነው። በዚህ ዴተርሚናንት ውስጥ λ የምትገኘው በዲያጎናሉ ላይ፣ ማለትም ከላይ ግራ ወደ ታች ቀኝ በሚወርደው መስመር ላይ ብቻ ነው፤ በሦስት ቦታ። ከሦስቱም ቦታ λ ን ብንወስድ λ³ እናገኛለን። ከሁለቱ λ ን፣ ከቀሪው ቁጥሩን ብንወስድ λ² በዚያ ቁጥር ተባዝቶ በመቀነስ ምልክት ይመጣል፤ ሦስቱን ምርጫዎች ስንደምር የዲያጎናሉ ድምር፣ ትሬስ የሚባለው፣ የ λ² አባዢ ይሆናል። ከአንዱ ቦታ ብቻ λ ን ብንወስድ የዚያ ቦታ ረድፍና ዓምድ ተሰርዘው የሁለት በሁለት ዴተርሚናንት ይቀራል። ከየትም λ ን ካልወሰድን ደግሞ የሚቀረው የ −A ዴተርሚናንት ነው፤ ሦስት ረድፎች ምልክታቸውን ስለሚቀይሩ ይህ −det A ይሆናል። ሁሉም ሲገጣጠም እንዲህ ይመጣል።

```
p(λ) = λ³ − (ትሬስ)·λ² + (የሦስቱ ትናንሽ ዴተርሚናንቶች ድምር)·λ − det A
```

ይህ ነው ካራክተሪስቲክ ፖሊኖሚያል የሚባለው። ሦስት ቁጥሮች ብቻ ይፈልጋል።

ለእኛ ማትሪክስ ትሬሱ 4 + 5 + 2 = 11 ነው። ትናንሾቹን ዴተርሚናንቶች አንድ በአንድ እንያዛቸው። ሦስተኛውን ረድፍና ዓምድ ስንሰርዝ 4·5 − 1·2 = 18 ይቀራል። ሁለተኛውን ስንሰርዝ ማዕዘኖቹ 4፣ −1፣ 1 እና 2 ይቀራሉ፤ 4·2 − (−1)·1 = 9። የመጀመሪያውን ስንሰርዝ 5·2 − (−2)·1 = 12። ድምሩ 39 ነው። ሙሉው ዴተርሚናንት ደግሞ በመጀመሪያው ረድፍ ሲዘረዘር 4·12 − 1·6 + (−1)·(−3) = 48 − 6 + 3 = 45 ይመጣል። ስለዚህ

```
p(λ) = λ³ − 11λ² + 39λ − 45
```

ለሦስተኛ ደረጃ እኩልታ አጠቃላይ ቀመር አለ። ጣሊያናዊው ካርዳኖ በ1545 ያሳተመው ነው፤ ቢሆንም ረጅምና አድካሚ ስለሆነ በእጅ ሥራ መጀመሪያ የሚነሣ አይደለም። አባዢዎቹ ሙሉ ቁጥሮች ሲሆኑና የ λ³ አባዢ 1 ሲሆን፣ ሙሉ ቁጥር የሆነ መፍትሔ ካለ የግድ የመጨረሻውን ቁጥር፣ እዚህ 45ን፣ ያለ ቀሪ ያካፍላል። ስለዚህ የሚሞከሩት 1፣ 3፣ 5፣ 9፣ 15 እና 45 ናቸው፣ ከነአሉታዊዎቻቸው። አሉታዊዎቹን ግን ሳንሞክር መጣል እንችላለን። የፖሊኖሚያሉ ምልክቶች እየተፈራረቁ የሚሄዱ ስለሆኑ λ አሉታዊ ስትሆን አራቱም አካላት አሉታዊ ይሆናሉ፤ ድምራቸውም ዜሮ ሊሆን አይችልም። ቀሪዎቹን እንሞክር። p(1) = 1 − 11 + 39 − 45 = −16፤ አይሆንም። p(3) = 27 − 99 + 117 − 45 = 0። ተገኘ። ፖሊኖሚያሉን በ λ − 3 ስናካፍለው λ² − 8λ + 15 ይቀራል፤ እሱም (λ − 3)(λ − 5) ነው። አይገንቫልዩዎቹ 3፣ 3 እና 5 ናቸው፤ ሦስት ሁለት ጊዜ ይደጋገማል።

ወደ ቬክተሮቹ ከመሄዳችን በፊት ጥቂት ሰከንድ የሚወስድ ማረጋገጫ አለ። የአይገንቫልዩዎቹ ድምር ከትሬሱ፣ ብዜታቸው ከዴተርሚናንቱ ጋር እኩል መሆን አለበት። 3 + 3 + 5 = 11፣ 3·3·5 = 45። ሁለቱም ገጥመዋል። ይህ ማረጋገጫ ግን አንድ ክፍተት አለው፤ ፖሊኖሚያሉ ራሱ ተሳስቶ ከተጻፈ ሁልጊዜ አያጋልጥም። ለምሳሌ ከላይ −(−1)·1 የሚለውን 1 በመደመር ፈንታ ብንቀንሰው፣ በ −(−2)·1 ላይም ያንኑ ብንደግም፣ ድምሩ 39 ሳይሆን 33 ይሆናል። ዴተርሚናንቱን ለብቻው በትክክል ካሰላነው ግን ትሬሱም ዴተርሚናንቱም እንዳሉ ናቸው፤ ስለዚህ የተሳሳተው ፖሊኖሚያል መፍትሔዎችም ድምራቸው 11፣ ብዜታቸው 45 ሆኖ ያልፋል። ያን ጊዜ ከ45 አካፋዮች አንዱም አይሠራም። የመማሪያ መጻሕፍት ልምምድ ብዙውን ጊዜ ሙሉ ቁጥር እንዲያወጣ ተደርጎ ስለሚዘጋጅ፣ እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የሚመረመረው የ λ አባዢ ነው። ከልኬት በመጣ ማትሪክስ ግን ሙሉ ቁጥር መጠበቅ ራሱ ስሕተት ነው።

የማይዋሸው ፈተና የሚመጣው በቬክተሩ ደረጃ ነው። አንድ ሰው በስሕተት 4 አይገንቫልዩ ነው ብሎ ቢነሣ ምን ይገጥመዋል? A − 4I ሦስት እኩልታዎች ይሰጣል፤ y − z = 0፣ 2x + y − 2z = 0፣ x + y − 2z = 0። ከመጀመሪያው y = z፣ ከሁለተኛው x = z/2 ይገኛል፤ ሁለቱን በሦስተኛው ውስጥ ስናስገባ −z/2 = 0 ይላል። ሁሉም ዜሮ ሆኑ። ስሌቱ ዜሮ ቬክተር ብቻ ሲመልስ ትርጉሙ ከሁለት አንዱ ነው፤ ያ ቁጥር አይገንቫልዩ አይደለም ወይም ረድፎቹን ስናቃልል ተሳስተናል። ብዙ ተማሪ እዚህ ሲደርስ «አይገንቬክተር የለውም» ብሎ ይጽፋል። እውነተኛ አይገንቫልዩ ግን ቢያንስ አንድ አይገንቬክተር አያጣም፤ ዴተርሚናንቱን ዜሮ ያደረግነው ለዚሁ ነበርና።

አሁን ለ λ = 5 እንሥራ። ከዲያጎናሉ 5 ስንቀንስ

```
          −1   1  −1
A − 5I =   2   0  −2
           1   1  −3
```

ሁለተኛው ረድፍ x = z ይላል። ይህን ይዘን ወደ መጀመሪያው ስንሄድ y = 2z። ሦስተኛው ረድፍ z + 2z − 3z = 0 ነው፤ አዲስ ነገር አልነገረንም፤ እንደዚያም እንዲሆን ስንጠብቅ ነበር። z = 1 ብንል (1, 2, 1) ይወጣል፤ መጀመሪያ ላይ የሞከርነው ቬክተር። ሦስት በሦስት ላይ ብቻ የሚሠራ አቋራጭም አለ፤ የምንፈልገው ቬክተር ለረድፎቹ ሁሉ ቀጥ ያለ፣ ማለትም በ90 ዲግሪ የሚቆም ስለሆነ፣ የማንኛቸውንም ሁለት የማይመሳሰሉ ረድፎች ክሮስ ፕሮዳክት መውሰድ ይበቃል። (−1, 1, −1) እና (2, 0, −2) ሲባዙ (−2, −4, −2) ይሰጣሉ፤ በ −2 ሲካፈል ያው (1, 2, 1) ነው።

ለ λ = 3 ግን ነገሩ መልኩን ይቀይራል።

```
          1   1  −1
A − 3I =  2   2  −2
          1   1  −1
```

ሦስቱም ረድፎች የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ x + y − z = 0። የየትኞቹንም ሁለት ረድፎች ክሮስ ፕሮዳክት ብንወስድ (0, 0, 0) ይመጣል። ይህ ስሕተት ሳይሆን ምልክት ነው፤ መፍትሔው አንድ መስመር ሳይሆን ሙሉ ጠፍጣፋ ወለል መሆኑን ይነግረናል። z = x + y ስለሆነ x ን እና y ን እንደ ፈቀድን እንመርጣለን። x = 1፣ y = 0 ስንል (1, 0, 1)፤ x = 0፣ y = 1 ስንል (0, 1, 1)። እናረጋግጥ፤ A በ (1, 0, 1) ላይ 4 − 1 = 3፣ 2 − 2 = 0፣ 1 + 2 = 3፣ ማለትም (3, 0, 3) ይሰጣል። ልክ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ሰዎች በትክክል ሠርተው የተለያየ መልስ ይዘው ሊመጡ ይችላሉ። አንደኛው (1, 0, 1) እና (0, 1, 1)፣ ሌላው (1, −1, 0) እና (1, 0, 1) ቢጽፉ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የዚያው ወለል ሁለት የተለያዩ መግለጫዎች ናቸውና። መልስን ከመጽሐፉ ጀርባ ጋር ከማመሳከር ይልቅ ቬክተሩን በማትሪክሱ አባዝቶ ማየት የሚሻለው ለዚህ ነው። በወለሉ ላይ ያሉትን እርስ በርስ መደመር ይቻላል፤ ከተለያዩ አይገንቫልዩዎች የመጡትን ግን አይቻልም። (1, 2, 1) እና (1, 0, 1) ሲደመሩ (2, 2, 2) ይሆናሉ። A በ (1, 1, 1) ላይ (4, 5, 4) ይሰጣል፤ አቅጣጫው ተለቀቀ።

እስካሁን ፖሊኖሚያሉ በሚገባ አገልግሎናል። አሁን ይህን ሌላ ማትሪክስ እንመልከት።

```
     3   1   0
B =  0   3   2
     0   0   5
```

ከዲያጎናሉ በታች ያለው ሁሉ ዜሮ ስለሆነ አይገንቫልዩዎቹ ዲያጎናሉ ላይ በግልጽ ተጽፈዋል፤ 3፣ 3፣ 5። ትሬሱ 11፣ የትናንሾቹ ዴተርሚናንቶች ድምር 9 + 15 + 15 = 39፣ ዴተርሚናንቱ 45። ፖሊኖሚያሉ ከ A ፖሊኖሚያል ጋር በአንዲት ነጥብ እንኳ አይለይም። ለ 5 (1, 2, 2) ይወጣል። ለ 3 ግን B − 3I ረድፎቹ (0, 1, 0)፣ (0, 0, 2) እና (0, 0, 2) ናቸው። y = 0፣ z = 0፤ ነጻ የቀረው x ብቻ ነው። ስለዚህ ያለው አንድ አቅጣጫ ነው፤ (1, 0, 0)። ሁለተኛ ፈልጎ ማግኘት አይቻልም፣ የለምና።

ፖሊኖሚያሉ «3 ሁለት ጊዜ» ሲል ቢበዛ ሁለት አቅጣጫ ሊኖር ይችላል ማለቱ ነው፣ የግድ ሁለት አለ ማለቱ አይደለም። A ሁለቱንም አሟልቷል፣ B አንዱን አጉድሏል። ይህን ልዩነት ከ p(λ) ውስጥ ማንም ሊያነበው አይችልም፤ ወደ ማትሪክሱ ተመልሶ λ ን ተክቶ ረድፎቹን መቁጠር ያስፈልጋል። ሦስቱም ረድፎች አንድ ሆነው ከተገኙ ሁለት አቅጣጫ አለ። ሁለት የተለያዩ ረድፎች ከቀሩ አንድ ብቻ ነው።

የጎደለው አቅጣጫ በተግባር ምን ያመጣል? (0, 1, 0)ን በ B ደጋግመን እናባዛው። መጀመሪያ (1, 3, 0) ይሆናል፣ ቀጥሎ (6, 9, 0)፣ ቀጥሎ (27, 27, 0)። y በየጊዜው በ 3 ብቻ ይባዛል፤ x ግን ከዚያ ፈጥኖ ያድጋል፤ ከ n እርምጃ በኋላ n·3ⁿ⁻¹ ነው። ያ ተጨማሪ n የአይገንቫልዩ ሥራ አይደለም፤ የጎደለው አቅጣጫ የተወው ዱካ ነው። የቬክተሩ አቅጣጫም ወደ (1, 0, 0) አቅጣጫ እየተጠጋ ይሄዳል፣ መቼም ግን አይደርስበትም። በ A ዓለም ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ ማንኛውንም ቬክተር በሦስቱ አይገንቬክተሮች ከፍለን እያንዳንዱን ክፍል በራሱ 3ⁿ ወይም 5ⁿ እናባዛለን፣ ሌላ ነገር አይጨመርም። እንደ B ያሉትን ማትሪክሶች በሥርዓት ያስቀመጠው ቅርጽ የሚጠራው በፈረንሳዊው ካሚል ዦርዳን ስም ነው፤ በ1870 ባሳተመው መጽሐፉ ውስጥ ይገኛል።

የሚደጋገም አይገንቫልዩ ሌላም ጠባይ አለው፤ በጣም ስስ ነው። የፖሊኖሚያላችን የመጨረሻ ቁጥር −45 መሆኑ ቀርቶ በመጠጋጋት −44.98 ሆነ እንበል። ለውጡ 0.02 ነው። በ 3 አካባቢ p(λ) በግምት −2(λ − 3)² ስለሆነ፣ ከዜሮ ጋር ስናስተካክለው (λ − 3)² = 0.01 ይመጣል። አንዱ 3 ሁለት ሆኖ ይሰነጠቃል፤ ወደ 2.9 እና ወደ 3.1። የ 0.02 ስሕተት ወደ 0.1 አደገ። በሌላው አቅጣጫ −45.02 ቢሆን ኖሮ ካሬው አሉታዊ ይሆናል፤ መፍትሔዎቹም በግምት 3 ± 0.1i የሆኑ ኮምፕሌክስ ቁጥሮች ይሆናሉ። በዚያው ጊዜ ብቻውን የቆመው 5 የሚነቃነቀው በ 0.005 ያህል ብቻ ነው። ማትሪክሱ ውስጥ ያሉት ቁጥሮች ከልኬት የመጡ ከሆኑ፣ ስሌቱ 2.9 እና 3.1 ሲያወጣ እነዚህ በእርግጥ ሁለት ናቸው ወይስ አንድ 3 የተሰነጠቀ ነው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ኮምፒውተሮች አይገንቫልዩ የሚፈልጉት በፖሊኖሚያል በኩል ያልሆነውም በዋናነት ለዚህ ነው። አባዢዎቹን ማስላት ራሱ ጥቂት መጠጋጋት ያመጣል፤ ያ ጥቂት ደግሞ መፍትሔዎቹ ላይ እንዲህ ይተልቃል፤ ማትሪክሱ ትልቅ ሲሆንም እጅግ ይብሳል። እንግሊዛዊው ጆን ፍራንሲስና ሩሲያዊቷ ቬራ ኩብላኖቭስካያ በ1961 አካባቢ እርስ በርስ ሳይተዋወቁ ያወጡት የኪው አር ዘዴ ፖሊኖሚያሉን ጭራሽ አይነካም፤ ማትሪክሱን ራሱን ደጋግሞ እየለወጠ አይገንቫልዩዎቹ ዲያጎናሉ ላይ እንዲወርዱ ያደርጋል። ሦስት በሦስት የሆነና ንጹሕ ቁጥሮች ያሉት ማትሪክስ በእጅ ሲሠራ ግን ፖሊኖሚያሉ አሁንም አጭሩ መንገድ ነው።

አንድ ዓይነት ማትሪክስ ላይ የ B ችግር ከቶ አይመጣም። ቁጥሮቹ በዲያጎናሉ ግራና ቀኝ እንደ መስታወት እኩል ሲሆኑ፣ ማለትም ማትሪክሱ ሲሜትሪክ ሲሆን፣ አይገንቫልዩዎቹ ሁሉ እውነተኛ ቁጥሮች ናቸው፤ ሁለት ጊዜ የተደጋገመውም ሁልጊዜ ሁለት አቅጣጫ ይዞ ይመጣል። ሲቪል መሐንዲሶች በአንድ የድልድይ ክፍል ውስጥ ያለውን ጫና የሚጽፉበት ሦስት በሦስት ማትሪክስ እንዲህ ያለ ነው። እነሱ ሦስቱን የፖሊኖሚያል አባዢዎች የጫናው ኢንቫሪያንት ይሏቸዋል፤ ዘንጎቹን እንዴት አዙረን ብንለካ የማይለወጡ ስለሆኑ ነው። ከፖሊኖሚያሉ የሚወጡት ሦስት ቁጥሮች ዋና ጫናዎቹ ናቸው፤ አይገንቬክተሮቹ ደግሞ ቁሱ ያለ ምንም መንሸራተት በቀጥታ የሚሳብባቸው ወይም የሚጨመቅባቸው፣ እርስ በርስ በ90 ዲግሪ የቆሙ ሦስት አቅጣጫዎች ናቸው። ሁለት ዋና ጫናዎች እኩል ሆነው ሲገኙ መሐንዲሱ የሚጎድል አቅጣጫ ይኖር ይሆን ብሎ አይሠጋም፤ በዚያ ወለል ላይ የትኛውንም ሁለት ቀጥ ያሉ አቅጣጫዎች መርጦ ሥራውን ይቀጥላል።